ሸሪክ ሲወጣ፦ የባንክ ሂሳብ ፈራሚን የሚለውጠው ደብዳቤ

አንድ የንግድ ማኅበር ባንክ ሂሳብ ሲከፍት የፈራሚዎቹን የፊርማ ናሙና ያስቀምጣል። ናሙናው በካርድ ላይ ይፈረማል፤ የማኅበሩ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም ስካን ተደርጎ ወደ ባንኩ ሲስተም ይገባል። ከዚያ በኋላ ቼክ በቀረበ ቁጥር በመስኮት ያለው ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ የሚያመሳክረው ይህንኑ ምስል ነው። ሂሳቡ የተከፈተው ፒያሳ ሆኖ ቼኩ አዳማ ቢቀርብም የሚታየው ያው ፊርማ ነው። ፊርማው ከገጠመ፣ ገንዘቡ ካለና ቼኩ ስርዝ ድልዝ ከሌለው ይከፈላል።

ሠራተኛው የማያየው ነገር አለ። ፈራሚው ባለፈው ወር ድርሻውን ሸጦ ከማኅበሩ መውጣቱን፣ ከሸሪኮቹ ጋር መቀያየሙን ወይም የራሱን ሱቅ መክፈቱን ሲስተሙ አይነግረውም። ሸሪኮች ተስማምተው ቢለያዩ፣ ሽማግሌ ፊት ቢፈራረሙ፣ የድርሻ ሽያጩም በሰነዶች ማረጋገጫ ቢመዘገብ፣ ለባንኩ በጽሑፍ እስካልተነገረው ድረስ የወጣው ሰው ፊርማ እንደ ቀድሞው ገንዘብ ያወጣል። ይህን የሚያቆመው ማኅበሩ ለቅርንጫፉ የሚጽፈው የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ ነው።

ነገሩን ብዙ ነጋዴ የሚያሳስተው ሦስት የተለያዩ ኃላፊነቶች በአንድ ሰው ላይ ስለሚደራረቡ ነው። አባልነት የድርሻ ጉዳይ ነው፤ ድርሻ ሲሸጥ ያበቃል። ሥራ አስኪያጅነት የሹመት ጉዳይ ነው፤ የሚያበቃው በአባላት ውሳኔ ነው። ፈራሚነት ደግሞ ማኅበሩ ለባንኩ የሰጠው ትእዛዝ ነው፤ የሚያበቃውም ማኅበሩ ትእዛዙን ሲለውጥ ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም ይዞ ሲቆይ አንዱን ሲለቅ ሁሉንም የለቀቀ ይመስላል። ለባንኩ ግን ድርሻ የሸጠ ሰው ፈራሚ ሆኖ መቀጠል ይችላል፤ ባለድርሻ ያልሆነ ቅጥር ሥራ አስኪያጅም ፈራሚ ሊሆን ይችላልና።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይሻላል። ሦስት አባላት ያሉት፣ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ። በመመስረቻ ጽሑፉ ላይ የባንክ ሂሳቡን ዋና ሥራ አስኪያጁና ምክትሉ በጣምራ ፊርማ ያንቀሳቅሳሉ ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛዋ አባል ባለድርሻ ብቻ ነች። ምክትሉ ድርሻውን ለሁለቱ ሸጦ ሊወጣ ተስማማ። ጠብ የለም፤ ሒሳብ ተሳስበው ተጨባብጠዋል።

እዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው የአፈራረሙ ዓይነት ነው። ሂሳቡ በተናጠል ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ አደጋው ገንዘብ መውጣቱ ነበር፤ የወጣው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ብቻውን ቼክ መጻፍ ይችላልና። በጣምራ ፊርማ ግን ችግሩ ይገለበጣል። የወጣው ሰው ብቻውን ምንም ማውጣት አይችልም፤ የቀረውም ብቻውን ምንም ማውጣት አይችልም። ማኅበሩ ተቻኩሎ «የእገሌ ፊርማ ይሰረዝ» ብቻ ብሎ ቢጽፍና ባንኩ ቢሰርዘው፣ በሂሳቡ ላይ አንድ ፈራሚ ብቻ ይቀራል፤ ትእዛዙ ግን አሁንም ሁለት ፊርማ ይላል። የወሩ ደመወዝ፣ የግብር ክፍያ፣ የአቅራቢ ዕዳ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የጣምራ ሂሳብ ደብዳቤ መሰረዙንና መተካቱን በአንድ ላይ መያዝ አለበት። የተናጠል ሂሳብ ሲሆን ግን መጀመሪያ ማገድ፣ ምትኩን በኋላ ማምጣትም ይቻላል፤ እንዲያውም ጠብ ካለ የሚመከረው እሱ ነው።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ሊቆምበት የሚችል መሠረት ያስፈልገዋል። ባንክ ደብዳቤ ስለደረሰው ብቻ ፈራሚ አይለውጥም። ደብዳቤውን የፈረመው ሰው ይህን የማዘዝ ሥልጣን አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው ከቃለ ጉባዔ ነው። በምሳሌያችን አባላቱ ኅዳር 12 ቀን ተሰብስበው የምክትሉን መልቀቅ ተቀበሉ፤ ሦስተኛዋን አባል በምክትል ሥራ አስኪያጅነት ሾሙ፤ ሂሳቡን ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር በጣምራ እንድታንቀሳቅስ ወሰኑ። የወጣው አባልም ፈረመ። ቃለ ጉባዔው ኅዳር 16 ቀን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርቦ ተመዘገበ፤ ሰዉ እስካሁን «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

ብዙ ቃለ ጉባዔ ተመላሽ የሚሆነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጉድለት ነው። «ወ/ሮ እገሊት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሹመዋል» ብሎ የሚያበቃ ቃለ ጉባዔ ለባንክ አይበቃም። የባንኩ የሕግ ክፍል የሚፈልገው የባንክ ሂሳብ የማንቀሳቀስ፣ ቼክ የመፈረምና ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን መሰጠቱ በግልጽ ተጽፎ፣ በጣምራ ይሁን በተናጠል ተለይቶ ነው። ማኅበሩ በተለያዩ ባንኮች ሂሳብ ካለው «በማንኛውም ባንክ ያሉትንና ወደፊት የሚከፈቱትን ሂሳቦች» የሚል ቃል ቢገባበት ለእያንዳንዱ ባንክ አዲስ ቃለ ጉባዔ ከመጻፍ ያድናል። ለውጡ በንግድ መዝገብም መግባት አለበት፤ ባንኩ ብዙውን ጊዜ የታደሰ ንግድ ፈቃድና ለውጡን የሚያሳይ የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ይጠይቃልና። አዲሷ ፈራሚ መታወቂያዋን፣ የፋይዳ ቁጥሯንና ፎቶግራፏን ይዛ ራሷ ቀርባ ትፈርማለች። ስሟ በቃለ ጉባዔው፣ በመታወቂያውና በንግድ መዝገቡ ላይ እስከ አያት ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፍ አለበት። በአንዱ «ወርቅነሽ» በሌላው «ወርቂቱ» ከተባለ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤው ራሱ ይመጣል። በማኅበሩ አርማ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ቁጥርና ቀን ይኖረዋል፤ የሚላከውም ሂሳቡ ለተከፈተበት ቅርንጫፍ ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል። በምሳሌያችን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቁጥር፦ ________
ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ________ ባንክ
________ ቅርንጫፍ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተንቀሳቃሽ ሂሳብ ፈራሚ ስለመለወጥ

ማኅበራችን በቅርንጫፋችሁ በቁጥር ________ የከፈተውን ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ________ እና ምክትል ሥራ አስኪያጁ አቶ ________ በጣምራ ፊርማ ሲያንቀሳቅሱ መቆየታቸው ይታወቃል።

አቶ ________ ከማኅበሩ አባልነትና ከምክትል ሥራ አስኪያጅነት ስለለቀቁ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተያዘውና ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በተመዘገበው ቃለ ጉባዔ መሠረት፣ ይህ ደብዳቤ ለቅርንጫፋችሁ ገቢ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ፊርማቸው ተሰርዞ በምትካቸው ወ/ሮ ________ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር በጣምራ እንዲፈርሙ እንጠይቃለን። የዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማ እንዳለ ይቀጥላል።

ከዚህ ቀን በፊት በቀድሞዎቹ ፈራሚዎች ተፈርመው ለተከፋዮች የተሰጡት የቼክ ቁጥር 317 (ብር 48,500)፣ ቁጥር 325 (ብር 120,000) እና ቁጥር 326 (ብር 15,750)፣ በድምሩ ብር 184,250፣ ሲቀርቡ እንዲከፈሉ፤ ከዚህ ጋር ተመላሽ ያደረግናቸው ከቁጥር 327 እስከ 330 ያሉ ቅጠሎች እንዲመክኑ እናሳውቃለን።

አቶ ________ በማኅበሩ ስም የተሰጣቸው የኢንተርኔት ባንኪንግ ተጠቃሚነት እንዲዘጋ፣ የሂሳብ እንቅስቃሴ መልእክት የሚደርሰው የስልክ ቁጥርም ወደ ________ እንዲለወጥ በተጨማሪ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ከታች የዋና ሥራ አስኪያጁ ስም፣ ፊርማና የማኅበሩ ማኅተም ይሆናል። መለያየቱ በስምምነት ከሆነ የወጣው አባልም በግርጌው «ተስማምቻለሁ» ብሎ በባንኩ በሚታወቀው ፊርማው ቢፈርም ነገሩ እጅግ ይቀላል። የጣምራ ሂሳብ ላይ ሁለቱም የቀድሞ ፈራሚዎች የፈረሙበት ደብዳቤ የባንኩን አብዛኛውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል። ስለዚህ የድርሻው ዋጋ ተከፍሎ ሰውየው ፊቱን ሳያዞር በፊት፣ በዚያው በሽያጩ ቀን ማስፈረም ይገባል። ከወራት በኋላ ስልክ ደውሎ መፈለግ ሌላ ሥራ ነው።

በደብዳቤው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ፈራሚ ሲለወጥ አሮጌው ፊርማ ከሲስተሙ ይወጣል። ከለውጡ በፊት በትክክል ተፈርሞ ለሲሚንቶ አቅራቢው የተሰጠ ቼክ ከለውጡ በኋላ ሲቀርብ ሠራተኛው የሚያየው አዲሶቹን ፊርማዎች ስለሆነ «ፊርማው አይገጥምም» ብሎ ይመልሰዋል። ገንዘቡ በሂሳቡ ውስጥ እያለ ቼኩ ተመለሰ ማለት ነው። አቅራቢው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቼክ እንደተመለሰበት ብቻ ነው፤ በገበያው ውስጥም ወሬው ይሄዳል። የቼኮቹ ቁጥርና መጠን በደብዳቤው ከተዘረዘረ ግን ቅርንጫፉ በየቁጥሩ ማመሳከር ይችላል። ከዚህም የተሻለው፣ ጊዜ ካለ፣ ቼኮቹን ከተከፋዮቹ ሰብስቦ በአዲሶቹ ፈራሚዎች ቼክ መተካት ነው።

በንግዱ ዓለም የተለመደው ወደፊት የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክና በዋስትና የሚያዝ ቼክ እዚህ ላይ ችግሩን ያከብደዋል። ቼክ በሕግ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ለየካቲት ብሎ በጥቅምት መፈረም የተለመደ ቢሆንም ባሕርዩን አይለውጠውም። እንዲህ ያሉ ቼኮች ከሸሪኩ መውጣት በኋላ ወራት ቆይተው ብቅ ይላሉ፤ ዝርዝራቸውን በጉርዱ ላይ ያልያዘ ማኅበር የትኛው ለማን እንደተሰጠ ማወቅ ይቸግረዋል።

የቼክ ደብተሩን ራሱን ወስደን እንመልከተው። ምሳሌያችን ላይ ያለው ደብተር ከቁጥር 301 እስከ 350 ድረስ 50 ቅጠል አለው። እስከ 326 ድረስ ያለው ወጥቷል። ከ327 እስከ 330 ያሉት አራት ቅጠሎች ላይ ግን ምክትሉ ፈርሞባቸዋል፤ ቀን፣ ስምና መጠን የለባቸውም። ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሥራ እንዳይቆም ብሎ አስቀድሞ የፈረመባቸው ናቸው። በጣምራ ፊርማ በሚሠራ ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ዓይነት ቅጠል በመሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ጣምራ ፊርማ ሁለት ሰው አይቶ እንዲፈርም የታሰበ ጥበቃ ነበር፤ ባዶ ቅጠል ላይ ሲፈረም ግን ጥበቃው ያበቃል። እነዚህ አራት ቅጠሎች ፊርማው እስኪሰረዝ ድረስ በሁለተኛው ፈራሚ እጅ ብቻ ሊሞሉ ይችላሉ። የወጣው ሰው በማያውቀው ግዢ ፊርማው ይገኛል። ስለዚህ ደብተሩ ከመሳቢያ ወጥቶ፣ ሁለቱም ባሉበት ቅጠሉ ተቆጥሮ፣ የተፈረመበት ባዶ ቅጠል በላዩ ላይ ተሠርዞበት ከደብዳቤው ጋር ለባንኩ ይመለሳል። ከ331 እስከ 350 ያሉት ንጹሕ ቅጠሎች በአዲሶቹ ፈራሚዎች መሠራታቸው ይቀጥላል።

ለሚወጣው ሰው ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ወንጀል ነው፤ ጥያቄውም በመጀመሪያ የሚሄደው ቼኩ ላይ ፊርማው ወዳለው ሰው ነው። ከማኅበሩ ከወጣ በኋላ በስሙ የተመለሰ ቼክ የመጣበት ሰው ባዶ ቅጠል ላይ መፈረሙን ማስረዳት ቀላል አይሆንለትም። ስለዚህ የቀሩት ሸሪኮች ቢዘገዩ እንኳ የሚወጣው ሰው የራሱን አጭር ደብዳቤ ለቅርንጫፉ ማስገባት ይጠቅመዋል። ከእገሌ ማኅበር መልቀቁን፣ ከዚህ ቀን በኋላ በፊርማው የሚቀርብ አዲስ ቼክ እንደማይመለከተውና ለማኅበሩም ማሳወቁን የሚገልጽ ሁለት አንቀጽ ይበቃል።

ለሚወጣው ሰው አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ማኅበሩ ከባንኩ ብድር ወስዶ እሱ በግሉ ዋስ ሆኖ ከነበረ ወይም ቤቱን በመያዣነት ሰጥቶ ከነበረ፣ የፈራሚ ለውጡ ዋስትናውን አያነሳውም። ፊርማው ከቼኩ ይወጣል፤ ዋስትናው ግን በብድር ውሉ ላይ ይቆያል። እሱን ለማውረድ ባንኩ በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ ብዙውን ጊዜም ሌላ ዋስ ወይም ሌላ መያዣ ይጠይቃል። ይህ በብድር ክፍሉ በኩል የሚሄድ የተለየ ጥያቄ ነው፤ በፈራሚ ለውጥ ደብዳቤው ላይ መደረብ የለበትም።

መለያየቱ በጠብ ሲሆን መንገዱ ይጠባል። ዋና ሥራ አስኪያጁ የምክትሉን ፊርማ አስወጡ ይላል፤ ምክትሉ በበኩሉ ስብሰባ አልተጠራሁም፣ ቃለ ጉባዔው ሐሰት ነው ብሎ ይጽፋል። ሁለት የሚቃረኑ ደብዳቤዎች የደረሱት ባንክ በሸሪኮች መካከል ዳኛ አይሆንም። የሚያደርገው ሂሳቡን ማቆም ነው፤ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪመጣ ገንዘቡ አይወጣም፣ ንግዱም ይታሰራል። ስለዚህ ጠብ ባለበት ማኅበር የስብሰባው ጥሪ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ፣ በመመስረቻ ጽሑፉ የተጠየቀው የድምፅ ብዛት መሙላቱና የቃለ ጉባዔው መመዝገብ ከደብዳቤው ቃላት ይልቅ ይወስናሉ። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ የማኅበሩ መመስረቻ ጽሑፍ ስለ ሥራ አስኪያጅ መሻርና መሾም የሚሉትን ሳያዩ የተጻፈ ቃለ ጉባዔ በመጀመሪያው ተቃውሞ ይወድቃል።

ደብዳቤው ሲገባ ሁለት ቅጂ ይዞ መሄድ ግድ ነው። አንዱ ከነአባሪው ለባንኩ ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ የቅርንጫፉ መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያሳርፋል። በደብዳቤው ላይ «ገቢ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ» የተባለው ለዚህ ነው፤ ክርክር ቢነሳ ቀኑን የሚናገረው ያ ማኅተም ነው። «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ጽፎ ደብዳቤውን ከሳምንት በኋላ ማስገባት በመካከሉ ለተከፈለ ቼክ ባለቤት ያሳጣል። ሥራ አስኪያጁ ለቅርንጫፍ ኃላፊው በስልክ መንገሩም ደብዳቤውን አይተካም።

ማኅተም ማረፉ ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከዚያ ወደ ሕግ ክፍል፣ ከዚያም ናሙናውን ወደ ሲስተሙ ወደሚያስገባው ሠራተኛ ይሄዳል፤ በየጠረጴዛው ሊቀመጥ ይችላል። መለወጡ የሚታወቀው በሥራ ነው። አዲሷ ፈራሚ የፈረመችበት አነስተኛ መጠን ያለው ቼክ ሂሳቡ ካለበት ቅርንጫፍ ውጭ በሌላ ቅርንጫፍ ይቀርባል፤ ከተከፈለ ናሙናው በእውነት ሲስተሙ ውስጥ ገብቷል። የኢንተርኔት ባንኪንጉ ለብቻው መረጋገጥ አለበት። በወረቀቱ ላይ ፊርማ መሰረዙ የይለፍ ቃልን አይዘጋም፤ ሁለቱ የሚያዙት በተለያየ ክፍል ነው። ከአንድ ወር በኋላ የወጣው ሰው ስልክ ላይ «ከሂሳብዎ ብር ይህን ያህል ወጥቷል» የሚል መልእክት እየመጣ ከሆነ፣ ደብዳቤው በግማሽ ብቻ እንደተፈጸመ ማወቂያው ያ ነው።

ሌሎች የንግድ ዓይነቶች መንገዳቸው አጠር ይላል። በግለሰብ ስም ያለ ንግድ ላይ በውክልና ሲፈርም የቆየ ሰው ሲወጣ ውክልናው በተሰጠበት መሥሪያ ቤት ይሻራል፤ መሻሩን የሚያሳየው ሰነድ ከደብዳቤ ጋር ለባንኩ ይገባል። ሁለት አባላት ብቻ የነበሩት ማኅበር አንዱ ሲወጣ አንድ ሰው ብቻ ስለሚቀረው፣ ከፈራሚው አስቀድሞ የማኅበሩ አቋም በንግድ መዝገብ መስተካከል አለበት፤ ባንኩም እሱ ሳይስተካከል ናሙና አይቀበልም።

ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ በማኅበሩ የባንክ ፋይል ውስጥ፣ አንዱ በወጣው ሰው እጅ።